ከተራ ቁጥር ሰባት እስከ አሥራ አንድ

በእኛ ቢሮ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ደንበኛውም፣ ዘበኛውም፣ እኔም «ምክንያት» ነው የምንላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ላሾፍባት ብዬ ነበር፣ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ሁለታችንም የሂሳብ ባለሙያዎች ነን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ በሚያልቅበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛችንን ፊት ለፊት ገጥመን አሥራ አራት ዓመት ተቀምጠናል። መስኮታችን የሚያሳየን የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ በጠራራ ፀሐይም መብራት እናበራለን። ከሚስቴ ፊት ይልቅ የምክንያትን ፊት ብዙ ሰዓት አይቻለሁ። ሚስቴ ይህን ታውቃለች፣ አትቀናም፤ የምክንያት ዓይን ከወረቀት በቀር የትም እንደማያርፍ አንድ ቀን መጥታ አይታለች።

ደንበኞቻችን ሰነዳቸውን በስካነር እያነሱ ይልኩልናል። ከሚላከው ውስጥ የማይነበብ አይጠፋም፤ ግማሹ የተቆረጠ፣ ጥላ የወደቀበት፣ ተጣጥፎ ቁጥሩን የዋጠ። እኔ እንዲህ ያለ ሲመጣ «አይነበብም፣ ድጋሚ ይላክ» ብዬ ጽፌ ሻዬን እጠጣለሁ። እሷ ግን ቁጭ ብላ ማስታወሻ ታዘጋጃለች። የትኛው ሰነድ እንደሆነ፣ ምኑ እንደማይነበብ፣ ለምን እንዳልተነበበ፣ ምን ቢደረግ እንደሚነበብ፣ በተራ ቁጥር ትዘረዝረዋለች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ትለኛለች። እኔንም ችኩሌ ትለኛለች። ሰው ሁሉ እንደ አንቺ ቢሆን የመስከረም ሥራ ብቻ ዓመቱን ይፈጅ ነበር ብያት አውቃለሁ።

ይህ አመሏ ከየት እንደመጣ ያወቅኩት አብረን መሥራት ከጀመርን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አባቷ ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ጠባቂ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የአገልግሎት ደብዳቤያቸውን ይዘው ወደ ጡረታ ቢሮ ሄዱ። በመስኮቱ በኩል ያለው ሰው ወረቀቱን አየት አድርጎ «አይነበብም፣ ሌላ ያምጡ» አላቸው። ሌላ ቅጂ አስነሥተው ሄዱ። «አይነበብም።» አራት ጊዜ ተመላለሱ፤ አራቱንም ጊዜ ያንኑ ደብዳቤ እያስነሡ። አምስተኛውን ሳይሄዱ ሞቱ። ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ ደብዳቤውን መስኮት ላይ ለጥፋ አየችው። ማህተሙ ያረፈው ሥራ በጀመሩበት ዓመተ ምህረት ላይ ነበር። ሌላው ሁሉ ይነበባል። ማህተሙ ዓመቱ ላይ ወድቋል ያላቸው ቢኖር፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ደብዳቤ በአንድ ቀን ይጽፍላቸው ነበር። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ከመሳቢያዋ አልወጣም። አንጀቴን በላኝና ከዚያ ወዲህ በማስታወሻዋ መቀለድ ቀነስኩ፤ ጨርሼ ግን አልተውኩም።

አሁን የምነግራችሁ ስለ መስታወት ቤቷ ሴት ጉዳይ ነው። ከእኛ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ በምትርቅ ትንሽ ከተማ ውስጥ ባልና ሚስት መስታወት እየቆረጡ ይሸጡ ነበር። ሂሳባቸውን የምትይዘው ምክንያት ናት። አንድ ዓመት ለዕቃ ቆጠራ አብሬያት ሄድኩ። እግሬን ስንቱ ቦታ አስገብቻለሁ፣ እንደዚያ ቤት ግን የከበደኝ የለም። ግድግዳው ሙሉ መስታወት ተደግፎበታል፤ የወለሉንም ግማሽ ይዞታል። ጀርባዬን ሳዞር ጀርባዬ ከፊቴ ነው። እስክሪብቶዬን ላነሳ ጎንበስ ስል አንድ አሥር ሰው አብሮኝ ጎንበስ አለ። አንድ፣ ሁለት እያልኩ መስታወት ስቆጥር ራሴን እየቆጠርኩ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ባልየው ሳቀብኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራኝ ሰው ነበር። የመስታወቱን ልክ በሰም እርሳስ ላዩ ላይ የሚጽፈው በግራ እጁ ነው፤ ፊደሎቹም ሁሉ ወደ ኋላቸው ይጋደማሉ። «አይዞህ፣ ሁላችንም መጀመሪያ እንደዚያ ነን» አለኝ። ከዚያ አንዱን መስታወት ገልብጦ ጥቁሩን ጀርባውን አሳየን። «ሰው ፊቱን ነው የሚያየው። ሥራው ያለው ግን እዚህ ነው። ጀርባው ካልተሸፈነ ወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ገብቶ ይታይሃል።» ምክንያት ይህንንም ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ምን ያደርግላታል ብዬ ነበር።

በዚህ ዓመት በበጋው መግቢያ ላይ ባልየው ሞተ። ስድስት ወር ያህል ታሞ ነበርና ድንገተኛ አልነበረም። ሚስትየው ሱቁን አልዘጋችም። መቁረጡን ታውቅበታለች፤ ወረቀቱን ግን በሕይወት ዘመኗ ነክታው አታውቅም፣ ሁሉንም የሚይዘው እሱ ነበር። በአራተኛው ወር ከግብር ቢሮው ደብዳቤ ደረሳት። የዓመቱ ሰነዶች በስካነር ተነሥተው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ካልገቡ፣ ግብሩ በግምት ይወሰናል ይላል። በግምት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ያቺ ሱቅ ግምት አትችልም። ሱቋ ከተዘጋች ሴትዮዋ ወደ እህቷ ቤት ሄዳ በአንድ ጥግ ከመኖር በቀር ሌላ ምርጫ አልነበራትም፤ ይህንንም ለምክንያት በስልክ ነግራታለች። በከተማዋ ያለው ብቸኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ማሽኑ ከተበላሸ ወር አልፎታል። የቀራት ባሏ ሱቁ ጓዳ ውስጥ የተወው አሮጌ ስካነር ብቻ ነው። አረንጓዴውን ቁልፍ ሲጫኑት ያነሣውን ራሱ ወደ እኛ ይልካል።

ሰኞ ጠዋት ሃያ ሦስት ገጽ ገባ። ምክንያት አንድ በአንድ ከፈተች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ስትስቅ ብዙ ጊዜ ሰምቻት ስለማላውቅ ቀና አልኩ። ስክሪኗ ላይ ሦስት ጥቁር አራት ማዕዘኖች ነበሩ፤ ከጥቁር በቀር ምንም የለባቸውም።

«ላሚኔት አድርጋቸዋለች» አለችኝ። «በደንብ ያስቀምጧቸው ብያት ነበር። በካሽ ሬጂስተር የሚታተም ወረቀት እኮ የሚጻፈው በሙቀት ነው። በጋለ ፕላስቲክ ስታሽገው ወረቀቱ በሙሉ ተጻፈ።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«የሸጡላት ቤቶች ቅጂ ይስጧት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንዴት እንደሚቀመጥ አልነገርኳትም።»

ከዚያ ሳቋ ቆመ።  የጣራው መብራት ሲያንሾካሹክ ይሰማኛል። ቀና ብዬ ሳያት አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ደርሷል፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ምን ሆንሽ ስላት «ምንም» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ማስታወሻውን ላከችው። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ቅጂውን ለእኔም አስቀመጠችልኝ። እንዲህ ይነበባል፦

«ተራ ቁጥር 2፣ 3 እና 5፦ የካሽ ሬጂስተር ደረሰኞች። በላሚኔት ሙቀት ጠቁረዋል፤ እነዚህን ደግመው ቢያነሡም አይነበቡም። ከሸጡልዎ ቤቶች ማህተም ያለበት ቅጂ ይጠይቁ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ተራ ቁጥር 6፦ የኪራይ ደረሰኝ። የላይኛው ጠርዝ ተቆርጦ የደረሰኙ ቁጥር ወጥቷል። ወረቀቱን ከመስታወቱ ጥግ አንድ ጣት ያህል ራቅ አድርገው ያስቀምጡት።

ተራ ቁጥር 14፦ የጭነት ውል። ፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ ስለተነሣ ብርሃኑ መልሶ አንጸባርቆ ፊርማውን ሸፍኖታል። ከፕላስቲኩ ያውጡት።

ተራ ቁጥር 7 እስከ 11፦ የመስታወት ርክክብ ወረቀቶች። ደብዘዝ ብለዋል። ክዳኑን ጫን አድርገው ይዝጉትና ድጋሚ ይላኩ።»

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ቆረቆረኝ፣ ግን ምን እንደሆነ አላወቅኩትም። አሁን ሳስበው ይገባኛል። የመጨረሻው መስመር እኔ የጻፍኩት ይመስላል። ለምን የሚለው የለበትም።

ማክሰኞ ምክንያት ቢሮ ገብታ አንድም ጊዜ ችኩሌ ሳትለኝ ወጣች። ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ድጋሚ የተነሡት ገቡ። የሦስቱ ደረሰኞች ቅጂ ማህተሙ ጭምር ጥርት ብሎ መጥቷል። የኪራዩ ደረሰኝ ቁጥሩ ተመልሶ ታየ። የጭነት ውሉም ፊርማው ወጣ። ከዚያ ሰባተኛውን ከፈተችና እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች፣ እንደሚፋጅ ነገር።

«ችኩሌ፣ እስቲ ና።»

ሄድኩ። የርክክቡ ወረቀት ስስ፣ ሮዝ ቅጂ ነው፤ ስካነሩ ግራጫ አድርጎታል። የመስታወቱ ልክ፣ ብዛቱ፣ የሾፌሩ ስም፣ የሚስትየው ፊርማ። ቀኑ ባልየው ከተቀበረ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከመስመሮቹ ኋላ ግን፣ ከቁጥሮቹ ሥር፣ ሌላ ጽሑፍ ነበር። ከእንፋሎት ጀርባ እንዳለ ሰው ደብዘዝ ብሎ፣ ግን አለ። ፊደሎቹ ወደ ኋላቸው የተጋደሙ ናቸው።

«አትፍሪ» ይላል።

ፀጉሬ ቆመ። ስምንተኛውን ከፈተችው። «አትፍሪ።» ዘጠነኛውን ስትከፍት፣ እዚያው ቦታ ላይ «አትፍሪ»፣ ከሥሩ ደግሞ ግማሹ ቁጥር ውስጥ የገባ «ጠብቂ» የሚል። አምስቱም የተጻፉት እሱ መሬት ከገባ በኋላ ነው፤ አምስቱም ውስጥ የእሱ እጅ አለ። ያ ሁላችንም መጀመሪያ እንደዚያ ነን ያለኝ ሰው።

«ሰኞ አይተሽዋል» አልኳት።

«ሰኞ ቀለል ያለ ነበር። እንደ ጥላ። የእሱን እጅ ጽሑፍ አሥር ዓመት አንብቤያለሁ፣ ወዲያው ነው ያወቅኩት። ጫን አድርገው ይዝጉት አልኩና ይኸው አደመቀችው።»

«ለምን አልጻፍሽላትም?»

«ምን ብዬ ልጻፍ? ‹የማይነበበው ባለቤትዎ ውስጡ ስላለ ነው› ልበላት?» ብላ ማውሱን ገፋ አደረገችው። ቆይታ ዝቅ ባለ ድምፅ «ፈርቼ ነው» አለች። «እኔንም ነው አትፍሪ የሚለኝ የመሰለኝ።»

ክፍሉ በረደኝ። ኮሪደሩ ላይ የሆነ ሰው በር ዘግቶ ሄደ፤ ኮቴው እስኪጠፋ ሁለታችንም አልተነቃነቅንም። እኔ ስፈራ የምናገረው ይበዛልና መናገር ጀመርኩ። ሴትዮዋ የባሏን አሮጌ ወረቀት ፍቃ አዲስ ጽፋበት ይሆናል አልኩ። ይህን ስል ራሴው ደነገጥኩ፤ የግብር ቢሮው ሰውም ቢያየው የሚያስበው ይህንኑ ነውና። ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ የሚታይበት ሰነድ የተፋቀ ሰነድ ነው። አምስቱ ርክክቦች ከተጣሉ ደግሞ የዓመቱ መስታወት ከየት እንደመጣ ማስረዳት አይቻልም። ሱቋ ያን ቀን አለቀላት ማለት ነው፣ ምናልባትም ፎርጅድ የሚል ስም ተጨምሮበት።

«እንዳለ እንላከው ወይስ እንተወው?» አልኳት።

«አንተ ሁልጊዜ ሁለት በር ብቻ ነው የምታየው። ቁጭ በል።»

አምስቱን ገጽ አትማ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ማስመሪያ አወጣች። የሰውየውን ሥራ ልክ በልክ የምትመረምረው እሱ ራሱ መስታወት እንደሚለካው ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ ላብ ያሰምጠኛል።

«እይ» አለችኝ። «የርክክቡ መስመሮች ዘንበል ብለዋል፤ በእያንዳንዱ ገጽ በተለያየ በኩል። ወረቀቱን ስታስቀምጠው በየጊዜው ይዛነፍባታል። ‹አትፍሪ› የሚለው ግን አንዱም ገጽ ላይ አልተዛነፈም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ቢሆን አብሮት በተዛነፈ ነበር።»

«እና የት ነው የተጻፈው?»

«ማሽኑ ውስጥ።»

ይህ ያረጋጋኛል ብላ አስባ ከሆነ ተሳስታለች። እሷ ግን ቀና ብላም አላየችኝም፣ ቀጠለች። ወፍራሞቹ ወረቀቶች፣ ውሉና የኪራይ ደረሰኙ፣ ምንም የለባቸውም። ጽሑፉ የታችኛው መስታወት ላይ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ላይ ይወጣ ነበር። ስሶቹ ላይ ብቻ የሚታየው ከጀርባቸው ስለሆነ ነው። ከጀርባቸው ያለው ደግሞ ክዳኑ ነው። ክዳኑ ውስጠኛው ፊት ላይ፣ ሚስቲቱ በከፈተች ቁጥር ዓይኗ የሚያርፍበት ቦታ፣ ሰውየው የሆነ ነገር ጽፎ ለጥፏል።

ስልክ ደወለች። የሱቁ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ደግሞም ተቋረጠ። በሦስተኛው ተነሣ። ሃሎ ብትል መልስ የለም። ድምፁን ከፍ አደረገችው። የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ከኋላ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል፤ ከዚያ አንዴ ጮኸ። «እህቴ፣ እኔ ነኝ» አለች ምክንያት። ስልኩ ተዘጋ።

እኔ በዚያን ሰዓት ኮቴን አንሥቼ ወደ ቤቴ መሄድ ነበር ያማረኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያልሄድኩት ኮሪደሩን ብቻዬን ማለፍ ስላስፈራኝ ነው።

«ክዳኑ ላይ ያለውን ቅደጂው በያት፣ በቃ» አልኳት። «አንድ መስመር ነው።»

«የሞተ ሰው የጻፈውን ቅደጂ ይባላል?»

«ሱቋ ከሚዘጋ…»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ቅደጂ ካልኳት ትቀደዋለች። ወረቀት ስለማታውቅ የምላትን ሁሉ ታደርጋለች፤ ጫን በይ አልኳት፣ ጫነች። በኋላ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የማነበው አጣሁ ትላለች።» መሳቢያዋን ሳበች፤ የአባቷን ደብዳቤ ያወጣች መስሎኝ ነበር፣ ያወጣችው ግን ያን የቆጠራ ደብተር ነው። ገጹን አገላብጣ አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሰውየው ስለ መስታወት ጀርባ የተናገረውን የጻፈችበት ነበር። እያነበበች ቀስ በቀስ ፊቷ ተመለሰ። ከዚያ ጻፈች። አንዱን አንቀጽ ስድስት ጊዜ ሰርዛ ጻፈችው፤ ቆጥሬያለሁ።

«ውድ ደንበኛችን፣

ከተራ ቁጥር 7 እስከ 11 ያሉት የርክክብ ወረቀቶች ድጋሚ መነሣት አለባቸው። ሰኞ ምክንያቱን በትክክል አልጻፍኩልዎትም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ክዳኑን ጫን ያድርጉ ማለቴ ስህተት ነበር፣ አባሰው እንጂ አልረዳም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ወረቀቶቹ ስስ ስለሆኑ በስካነሩ ክዳን ላይ ያለ ጽሑፍ በእነሱ ውስጥ አልፎ ይታያል። የባለቤትዎ የእጅ ጽሑፍ ነው። ቁጥሮቹ ከእሱ ጋር ስለተደራረቡ የግብር ቢሮው ወረቀቱ ተፍቆ የተጻፈበት ሊመስለው ይችላል። እርስዎ ምንም እንዳልፋቁ አውቃለሁ።

ጽሑፉን ከክዳኑ ላይ ማንሣት አያስፈልግዎትም። ወረቀቱን በፊቱ መስታወቱ ላይ ያስተኙት። ከጀርባው፣ በወረቀቱና በክዳኑ መካከል፣ ጥቁር ወፍራም ካርቶን ያድርጉና ይዝጉት። ጥቁሩ ከኋላ ያለውን ይይዘዋል። ገጹ ትንሽ ግራጫ ይላል፣ ግን ይነበባል። ጀርባውን መሸፈን እንደሚያስፈልግ ያስተማሩኝ ባለቤትዎ ናቸው።

የሚጠበቁት እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

ላከችው። ሐሙስ ጠበቅን። ምንም አልገባም። ምክንያት ምሳዋን ሳትነካ መለሰችው። እኔ የሌሎች ደንበኞችን ሥራ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ኢሜይል በገባ ቁጥር ግን ሁለታችንም እኩል ቀና እንላለን። ስልኩ አይነሣም። ማታ ቤቴ ገብቼ ፊቴን ስታጠብ መታጠቢያ ቤት ያለውን መስታወት ላለማየት አቀረቀርኩ። ሚስቴ ምን ሆንክ ብትለኝ ሥራ በዛብኝ አልኳት።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። ስምንት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ ገጽ ገባ። ተራ ቁጥር ሰባት። ግራጫ ነው፣ ትንሽ ዘንበል ብሏል፣ ካርቶኑ ያላግባብ ስለገባ ዳሩ ላይ ጥቁር መስመር አለበት። ከቁጥሮቹ ኋላ ግን ምንም የለም። ምክንያት ገጹን አጉልታ ጥግ ጥጉን ሁሉ ፈለገች። ምንም። ተራ ቁጥር ስምንት ገባ። ዘጠኝ። በየመካከሉ ሴትዮዋ ወረቀቱን ስትቀይር የሚፈጀውን ጊዜ እንጠብቃለን። አሥራ አንደኛው ሲገባ ሰዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ምክንያት አምስቱን ከሌሎቹ ጋር አያይዛ ለግብር ቢሮው አስገባች፤ የደረሰኝ ቁጥሩ እስኪመጣ ወንበሯ ላይ አልተደገፈችም። ቁጥሩ መጣ። ያኔ ተደገፈች።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እህቴ፣ ደረሰ?» የሴትዮዋ ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ።

«ደርሷል። ገብቷልም። ሱቁ የትም አይሄድም።»

 «ረቡዕ አንስቼው ነበር ስልኩን» አለች ሴትዮዋ። «ማሽኑን ገና አብርቼው እየጮኸ ነበር፤ አልቋል ልትይኝ መስሎኝ ዘጋሁት፤ ይቅር በይኝ። ማስታወሻሽን ደግሞ ትላንት ቀኑን ሙሉ ሳነበው ዋልኩ። እኔ እኮ ያየሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። በከፈትኩ ቁጥር ያናግረኛል። እናንተ ጋ ይመጣል ብዬ በምን አስቤ።»

«እኛ ጋም መጥቷል» አለች ምክንያት። «አንዱን ባልደረባዬን ጉድ አርጎታል።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሳቀችው መጀመሪያ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ድምፁ ግን ልማድ ያጣ ሳቅ ነበር። «ሰኞ ማታ ልቀደው እጄን ሰድጄ ነበር» አለች። «አይነበብም ስትይኝ፣ የለጠፈው ወረቀት ክዳኑን አላስገጥም ብሎ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ግን ለምን እንደሆነ አልጻፍሽም። ከጻፈችልኝ እቀደዋለሁ ብዬ ተውኩት።»

ምክንያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።  «እንኳንም አልጻፍኩት» አለች በመጨረሻ፤ ይህን ከእሷ አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«አንድ ሌላ እልክልሻለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ለግብር ቢሮ አይደለም። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ አንድ ቀን ይሞታል። አንቺ ጋ ፋይል ውስጥ ይቀመጥልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ አንድ ገጽ ገባ። በማሽኑ ላይ ምንም ወረቀት አላስቀመጠችም፤ ክዳኑን ብቻ ዘግታ ነው አረንጓዴውን የተጫነችው። ነጭ ሜዳ መሃል ላይ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት፣ አራት ማዕዘኗ በፕላስተር ተለጥፎ፣ በተጋደሙ ፊደሎች ተጽፎባታል፦

«አትፍሪ። ወረቀቱን በፊቱ አስተኚው። ክዳኑን ዝጊ። አረንጓዴውን ተጫኚ። እስኪጮህ ጠብቂ። ሌላውም ሁሉ እንደዚሁ ነው።»

እኔ አንብቤ ስጨርስ ተነሥቼ በመስኮቱ አየሁ፤ ግድግዳው እንዳለ ነው። ምክንያት ገጹን የሴትዮዋ ፋይል ውስጥ አስገባችው። ከዚያ የሰኞውን ዝርዝር ከፍታ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች።

«ተራ ቁጥር 24። ይነበባል።»

ለምን እንደሚነበብ አልጻፈችም።